አረንጓዴ ናስትሮ የታሰረበት አዳፕተር

እኔ የተበላሸ ዕቃ አጠገቤ እያለ ቁጭ ማለት አልችልም። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም፤ በሽታ ነው። እስራኤል አገር፣ ቤኤር ቱቪያ ውስጥ ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ ማሽን ስጠግን አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ማሽን በቆመ ቁጥር የሚጠራው እኔ ነኝ፤ ምግብ አፌ ውስጥ እያለም ቢሆን እነሳለሁ። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ጀምሮ «ምን ዓይነት ቁንጫ ነው የያዘህ? እስቲ ቂጥህ መሬት ይንካ» ትለኛለች።

የማወራው ስለ አንድ ሐሙስና ስለ ማግስቱ ዓርብ ነው።

እናቴ ቂርያት ማላኪ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ እኔ ከእሷ ሁለት ሕንፃ አልፌ ነኝ። ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። ከሕክምና የተሰጣት የጆሮ መስሚያ ስልክ ሲጠጋው ስለሚያፏጭባት መሳቢያ ውስጥ ከመርፌና ከክር ጋር ተኝቷል። በስልክ የሰው ቃል ለይታ የምትሰማው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን፣ ሽቦ ባለው ትልቅ ማዳመጫ። ያለ ሽቦ የሚሠራውን ገዝቼላት ነበር። «ይኼ ከምን ጋር እንደተያያዘ አላይም» ብላ መለሰችልኝ፤ ቻርጅ ማድረጉንም ትረሳዋለች።

የቀድሞ ስልኳ ክብ የማዳመጫ ቀዳዳ ነበረው። እሱ ውኃ ውስጥ ሲገባ ታላቅ እህቴ አዲስ ገዛችላት፤ አዲሱ ግን ያ ክብ ቀዳዳ የለውም፣ ያለው የቻርጀሩ ታይፕ ሲ ብቻ ነው። ስለዚህ መካከል ላይ የጣት ርዝመት ያላት ነጭ አዳፕተር ገባች፤ አንዱ ጫፏ ስልኩ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ማዳመጫውን ይቀበላል። እናቴ ጫፎቹ እንዳይምታቱባት በስልኩ በኩል ባለው ጫፍ ላይ እኔ ራሴ አረንጓዴ ናስትሮ ጠቀለልኩበት። «አረንጓዴው ወደ ስልኩ» አልኳት። ሁለት ወር ሙሉ ያለ ምንም ችግር ሠራ።

ማዳመጫው ለምን እንዲህ እንዳስፈለጋት ልንገራችሁ። ጎንደር ውስጥ አንድ ወንድም ቀርቷታል። ከስምንት ልጆች የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ እሷ እዚህ፣ እሱ እዚያ ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቀ። ማንበብ ሁለቱም አይችሉም፤ ስለዚህ የሚነጋገሩት በድምፅ መልእክት ነው። እሱ ሲያወራ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይሄዳል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ላም፣ እሷ በልጅነቷ እንዴት ከዛፍ እንደወደቀች። እናቴ ማዳመጫዋን አድርጋ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና ብቻዋን ትስቃለች። አንድ ጊዜ እህቴ መልእክቱን ሰምታ አሳጥራ ነገረቻት፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አታስነካም። «የወንድሜን ቃል ከሰው አፍ አልሰማም» አለች፤ አለቀ።

በዚያ ሳምንት ሰኞ አጎቴ «ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ልሆን ነው፤ አይዞሽ፣ ስነቃ እነግርሻለሁ» ብሎ ላከላት። ማክሰኞ ማታ አዳፕተሩ መሥራት አቆመ።

እኔ የሰማሁት ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ነው። ረቡዕ ሁለት ፈረቃ አከታትዬ ስለሠራሁ እናቴ «አላስቸግረውም» ብላ ዝም ብላለች። ሐሙስ ከሰዓት በሯን ስከፍት ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማለች።

«ሁለት ቀን ሙሉ ደንቆሮ ሆኛለሁ» አለችኝ። «ወንድሜ ይንቃ አይንቃ አላውቅም። መልእክት እየመጣ ነው፤ ይኸው ቁጥሩ ይጨምራል። ያለ ማዳመጫ ብከፍተው ግን የሚሰማኝ ድብልቅልቅ ያለ ጩኸት ነው።»

«እኔ ልስማልሽ?»

«አይሆንም አልሁህ እኮ! ዕቃውን ጠግንልኝ።»

ስልኩን ተቀበልኳት። ከአጎቴ ቁጥር ሃያ ሦስት ያልተሰሙ የድምፅ መልእክቶች ተደርድረዋል። እውነቱን ልናገር፣ ቢከፈት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የእናቴን ትእዛዝ ጥሼ አላውቅምና አልነካሁትም። ወዲያው ወደ እህቴ ደወልኩ፤ ከጎንደር ጋር በጽሑፍ የምትጻጻፈው እሷ ናት።

«አጎታችን እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው፤ ተኝቷል» አለችኝ። ድምፅዋ አጭር ነበር፤ ሥራ ላይ ሆና ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«የእማ አዳፕተር አልሠራ ብሏል።»

«ተወው፤ እሑድ እኔ አዲስ ይዤ እመጣለሁ። አትጨነቅ፣ እሺ፣ ቤሰደር?»

እሑድ! ሐሙስ ቀን ላይ ሆና እሑድ ትለኛለች! ስልኩን ዘጋሁባት።

በመጀመሪያ ማዳመጫውን መረመርኩ። እናቴ የቆየች ሬዲዮ አለቻት፤ እሷ ላይ ስሰካው ጥርት አድርጎ ያሰማል። ስለዚህ ጥፋቱ ማዳመጫው አይደለም። ቀጥሎ አዳፕተሩን ስልኩ ላይ ሰካሁት። ምንም! የማዳመጫ ምልክት አልወጣም፤ ዘፈን ብከፍት በስልኩ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ገልብጬ ሰካሁት፤ ታይፕ ሲ በሁለቱም ፊት ስለሚገባ አንዳንዴ አንዱ ፊት ብቻ ይሞታል። በሁለቱም ያው ነው። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፤ ሲገባ ቀጭ አይልም፣ መጨረሻው ድረስ አይደርስም፣ ስነካው ይወዛወዛል።

አሃ! አልኩ። ስልኩን አጠፋሁና በባትሪ መብራት ቀዳዳውን አየሁት። ከታች በኩል አመድማ ነገር ታጭቆበታል። እናቴ ስልኳን የምታስቀምጠው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው፤ የነጠላው ብናኝ በሁለት ወር ውስጥ ገብቶ ገብቶ፣ ቻርጀሩ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ እየጠቀጠቀው ደድሯል። መርፌ አይነካውም፤ መካከል ላይ ያለችው ምላስ ከተጎዳች ስልኩ አለቀለት። የጥርስ እንጨት ጫፉን አቀጠንኩና ከዳር ከዳር ቀስ እያልኩ ፈለቀቅሁት። ሽንብራ የሚያክል ጥጥ ወጣ።

«ይኼ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር?» አለች እናቴ፤ በጣቷ አንስታ አየችው። «ጉድ ነው! ስልኩ ጋቢ ሊሠራ ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን አበራሁ፤ አዳፕተሩን ስሰካው ቀጭ አለ። እናቴ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኖቿን ጨፈነች።

ምንም።

ደሜ ፈላ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። አንዳንድ ስልክ ከውጭ የሚሰካበትን ዕቃ የሚያየው ማስተካከያው ውስጥ ሲፈቀድለት ነው፤ ገብቼ ፈቀድኩለት። ምንም። በመጨረሻ አዳፕተሩን ነቅዬ የራሴ ስልክ ላይ ሰካሁት። የኔ ስልክ አሮጌ ነው፤ መስተዋቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ወዲያው ምልክቱ ወጣ፣ ማዳመጫውም አንጎራጎረ።

ይኼ ነው ያሳበደኝ። ማዳመጫው ደህና፣ ቀዳዳው ንጹሕ፣ አዳፕተሩ እኔ ጋ ይሠራል፤ እሷ ጋ አይሠራም። እንግዲያው የሞተው የእሷ ስልክ ነው ብዬ ደመደምኩ። መልእክቶቹን ወደ ስልኬ አስተላልፈን በሱ ልትሰማ ትችል ነበር፤ ግን ለማስተላለፍ ስነሳ «ካንተ ስልክ ማን ይሰማዋል? ሰው ሁሉ ሊሰማ?» ብላ ነጠቀችኝ። የእናቴን ግትርነት የወረስኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እንደማልረታት አውቄ አልተከራከርኩም።

ዓርብ ጠዋት ስልኩንም አዳፕተሩንም ማዳመጫውንም በከረጢት ይዤ ወጣሁ። ከኛ ሰፈር ያለው ስልክ ሻጭ አላየውም እንኳ፤ «አዲስ ስልክ ግዛላት» አለኝ። ምክሩን ለራሱ ያድርገው! ያቭኔ ውስጥ ግን የስልክ ቦርድ የምትጠግን የኛ ልጅ እንዳለች የሥራ ጓደኛዬ ነግሮኝ ነበር። አውቶቡስ ይዤ ገዴራ፣ ከዚያ ቀይሬ ያቭኔ። ዓርብ ስለሆነ አውቶቡሱ ሁሉ ለሰንበት በሚሸምት ሰው ተጨናንቋል፤ እኔ ደግሞ በየማቆሚያው ሰዓቴን አያለሁ። ከሰዓት በኋላ መኪና ይቆማል፣ ሻማ ከተለኮሰ በኋላ እናቴ ስልክ አትነካም። ዛሬ ካልተሠራ የወንድሟን ነገር ሳታውቅ ሰንበትን ልታሳልፍ ነው። ሦስት ማቆሚያ ሲቀረኝ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ቆሜ ስሄድ ቶሎ የምደርስ ይመስል።

ሱቁ ጠባብ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ማጉያ መነጽር ግንባሯ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ሻሎም እህቴ» ብዬ ሳልተነፍስ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጥጡን፣ ሬዲዮውን፣ የኔን ስልክ።

«ረጋ በል፣ አሒ፣ ረጋ በል ወንድሜ» አለችኝ። አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር ተቀላቅሏል። ስልኩን ተቀብላ ቀዳዳውን በማጉያ አየችው። «በምን አጸዳኸው?»

«በጥርስ እንጨት፤ አጥፍቼ።»

«ጎበዝ። በመርፌ ጎርጉረው ነው የሚያመጡልኝ። ጥርሶቹ ደህና ናቸው፤ አንድም የዛገ የለም።»

ከመሳቢያዋ የራሷን አዳፕተር አወጣች፤ ጥቁር ናት። ማዳመጫውን በሷ በኩል የእናቴ ስልክ ላይ ሰካችው። ወዲያው ምልክቱ ወጣ! ጮኼ ልዘል ነበር። እሷ ጣቷን ወደ መጀመሪያው ያልተሰማ የድምፅ መልእክት ስትሰድ ግን እጇን ያዝኩት።

«እሱን አትክፈቺ! የእናቴ ነው። ዘፈን ሞክሪ።»

ቀና ብላ አየችኝና ዘፈን ከፈተች። ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ስልኩ ደህና ነው» አለች።

«አዳፕተሩም ደህና ነው! እኔ ጋ ይሠራል!»

«ቆይ እስቲ።» ነጯን አዳፕተር አነሳች። ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ኮምፒዩተሯ ላይ ሰክታ፣ በመለኪያዋ ላይ አዳፕተሩን ሰካች። «እየው፤ ዜሮ። ምንም ኤሌክትሪክ አትስብም። ኮምፒዩተሩም አዲስ የድምፅ ዕቃ መጣ አላለም።» ቀጥላ የራሷን ጥቁር ሰካች። ቁጥሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ አለ፤ ኮምፒዩተሩም የአዲስ ማዳመጫ ስም ጻፈ። «ልዩነቱ ገባህ? የኔዋ ውስጥ ቺፕ አለ፤ ቺፑ ለመሥራት ትንሽ ይበላል። ያንተዋ ውስጥ የሚበላ የለም።»

«ተቃጥሎ ይሆናላ።»

«ቢቃጠል ያንተ ስልክ ላይ እንዴት ሠራ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በምትገልጥ ትንሽ ቦርድ ላይ ነጯን ሰክታ ቴስተሯን አነሳች። አንዱን ሽቦ ማዳመጫው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ፣ ሌላውን ቦርዱ ላይ ነካች። ጢጥ አለ። «ይኼውልህ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽቦ ብቻ ነው። ቺፕ ቢኖር መንገዱን ስለሚቆርጠው አይጮኽም ነበር።»

ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። የእናቴ ስልክ በዚያ ቀዳዳ ድምፅ አያወጣም፤ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው አዳፕተሩ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው። እንደ ኔ ያለ አንዳንድ ስልክ ግን ለዋጩ ራሱ ውስጥ አለ፣ የተለወጠውንም ድምፅ በቀዳዳው ይልካል፤ ለሱ ሽቦ ብቻ ይበቃዋል። «ክሊኒክ ውስጥ ለሽማግሌዎቹ አስተርጓሚ እንደሚቀመጠው ነው» አለች። «ያንተ ስልክ አስተርጓሚውን ይዞ ይመጣል። የእናትህ ስልክ ደጅ ላይ እንዲጠብቀው ይፈልጋል። በዚህ አዳፕተር ውስጥ ግን ማንም የለም።»

«እሺ፣ መቼ ጠፋ? እስከ ማክሰኞ ይሠራ ነበር እኮ!»

«እዚህ ስልክ ላይ?»

«እዚህ ስልክ ላይ! ሁለት ወር!»

ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። ይህች አዳፕተር እዚህ ስልክ ላይ አንድም ቀን ሠርታ አታውቅም፤ ልትሠራም አትችልም። ቺፕ ይበላሻል እንጂ ተነስቶ አይሄድም። ይህች ያቺ አይደለችም።»

«እንዴት አይደለችም? ናስትሮውን እዪው! እኔ ነኝ የጠቀለልኩት!»

ይህን እያልኩ ናስትሮውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ እዚያው ላይ ቃሌ ቀረ። እኔ ናስትሮ ስጠቀልል መጨረሻውን ሁልጊዜ እጥፍ አደርገዋለሁ፤ ትንሽ ጆሮ ትቀርለታለች። ፋብሪካ ውስጥ የለመድኩት ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሊፈታው ሲመጣ በጥፍሩ እንዳይታገል። እጄ ያለ እኔ ፈቃድ ነው የሚያደርገው። ይህኛው ናስትሮ ጆሮ የለውም። በመቀስ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ተለጥፏል።

አረንጓዴው ጥቅልል የእናቴ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ማክሰኞ ማታ ደግሞ እዚያ ቤት የገባችው፣ እናቴ እንደነገረችኝ፣ እህቴ ብቻ ናት።

ጥቁሯን አዳፕተር ገዝቼ ኪሴ ከተትኩ። ሴትዮዋ «ሻባት ሻሎም» ብላ በሰንበት ሰላምታ ስትሸኘኝ መልስ መስጠቴንም አላስታውስም። ገዴራ እስክደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጣላ ሄድኩ። ለምን? እናቷን ደንቆሮ አድርጋ ምን ልታተርፍ? ቅናት ነው? ስንፍና ነው? ዓይኔ ሥር ያለውን አላየሁም። ወይም ማየት አልፈለግሁም፤ አሁን ሳስበው ይኼኛው ይመስለኛል።

እህቴ የምትኖረው ገዴራ ነው፤ የሕንፃዋ ደረጃ ላይ ወለል ስታጥብ አገኘኋት። ገና ከታች ሆኜ ነጯን አዳፕተር አሳየኋት።

«ይኼ የማን ነው?»

መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

«አላደርግም! እናታችን ሁለት ቀን ሙሉ መስኮት ላይ ቆማ…»

«የኔ ነው» አለች። «የድሮ ስልኬ አዳፕተር። ስልኩን የገዛሁላት ቀን ሞክሬው ነበር፤ አልሠራላትም። ለዚህ ነው እሱን መርጬ የተካሁት።»

«ለምን?»

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማክሰኞ ከኦፕራሲዮኑ አልነቃም» አለችኝ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ እርጥብ ነበር።

«ልጆቹ ደነገጡ» አለች። «በሱ ስልክ እያለቀሱ ለእማ መላክ ጀመሩ። እኔ ሰምቼ ስደርስ ስድስት መልእክት ገብቶ ነበር፤ ገና አልከፈተችውም። ስልኩን ብወስድባት ትጠይቀኛለች። ማዳመጫውን ብሰብር ከጎረቤት ትዋሳለች። ምን ላድርግ? ብቻዋን፣ ጆሮዋ ውስጥ፣ በልጅ ልቅሶ ትረዳ? ሰው እንዲህ ይረዳል? ሽማግሌዎቹን ለምኛለሁ፤ ሁሉንም እስካገኛቸው ሐሙስ ሆነ፤ በሰንበት ዋዜማ አይሆንም፣ በሰንበትም ሐዘን የለም። እሑድ ማለዳ እንመጣለን ብለዋል። ዘመድ ተነግሮታል።»

«ዘመድ ተነግሮታል! እኔ ምንድነኝ?»

«አንተ ፊትህ አይችልም» አለች። «ቤት ገብተህ አንዴ ከተመላለስክ ታውቅብሃለች።»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው። አጎቴ በልጅነቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ነው። የኔ መርዶ እንዲህ ሆነ፤ እርጥብ ደረጃ ላይ፣ የተጣላኋት እህቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ጀርባዬን እየመታች። ተናድጄባት ነበር፤ አሁንም ትንሽ እናደድባታለሁ። ትክክል እንደነበረች ግን ያኔም ገብቶኛል።

«እሑድ ድረስ ብቻ» አለችኝ። «አልተገኘም በላት። ታዟል በላት። አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ነገር አቃተኝ በል።»

የመጨረሻውን አውቶቡስ ይዤ ቂርያት ማላኪ ገባሁ። ደረጃውን ስወጣ ፊቴን ሁለቴ በሸሚዜ ጠረግሁት። እናቴ ለሰንበት ለብሳለች፤ ሻማዎቹ ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል፣ ለመለኮስ ገና አንድ ሰዓት የሚሆን አለ። ማዳመጫው ከኔ ጋር ስለነበር አንገቷ ባዶ ነው።

ስልኳንና ማዳመጫዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጆሮዋ አጠገብ ሄጄ ጮክ ብዬ «አልተገኘም፣ እማ። ዕቃው ታዟል። እሑድ ይመጣል» አልኳት። ከዚያ እህቴ እንዳትመላለስ ብላኝ ስለነበር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ቀጥ ብዬ፣ ምንም ሳልነካ።

እናቴ አየችኝ።

«እሑድ አልክ?»

«እሑድ።»

«አንተ?»

ዓይኔን ሻማዎቹ ላይ ተከልኩ።

«የልብስ ማጠቢያዬ የቆመ ጊዜ ወለሉ ላይ ያደርክ ልጅ» አለች። «የፋሲካ ቀን የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ የፈታህ። አባትህ ሲቀበር የመቃብሩን በር ማጠፊያ ያጠበቅህ። ዛሬ እሑድ ትለኛለህ፤ ደግሞ ተቀምጠሃል።» እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች፤ ጉልበቴ አይንቀሳቀስም ነበር። «ልጄ፣ ወንድሜ ሞቷል።»

ልነግራት አፌን ስከፍት መዳፏን አፌ ላይ አደረገችው።

«አትንገረኝ። እንዲነግሩኝ የተላኩ ሰዎች አሉ፤ እሑድ ይመጡ የለ? እህትህ ማክሰኞ ማታ የመጣችው ለዚህ መሆኑ አሁን ገባኝ፤ ደክማበታለች። በሥርዓቱ ይሁን። እኔ አልሰማሁም፣ አንተም አልነገርከኝም። ለእሷም እንዳትነግራት።»

እህቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። እሑድ ሽማግሌዎቹ በር ሲያንኳኩ እናቴ እንደማንም ሰው ከፍታ «ምነው በማለዳ?» አለች፤ ሲነግሯትም ጮኸች። ጩኸቱ የውሸት አልነበረም። ሁለት ቀን ይዛው የቆየችው ነው።

ዓርብ ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር። መዳፏን ከአፌ አንስታ ዘረጋችልኝ።

«በል፣ ኪስህ ውስጥ ያለውን አምጣ። ባዶ እጅህን እንዳልመጣህ አውቃለሁ።»

ጥቁሯን አዳፕተር አወጣሁ። «እማ፣ አዲሶቹን…»

«አዲሶቹን ማን ጠየቀህ? የሰኞውን አውጣልኝ። የራሱን ድምፅ።»

ሰካሁት፤ ቀጭ አለ፤ ምልክቱ ወጣ። ሃያ ሦስቱን ያልተሰሙ እያለፍኩ ወደ ላይ ወጣሁ፤ የሰኞውን አገኘሁት። ማዳመጫውን ራሷ ላይ አደረገች። እኔ ቃሉን አልሰማም፤ የማየው የእሷን ከንፈር ነው። መካከል ላይ ሳቀች፤ ስለ ላሟ ይሆናል። ከዚያ ከንፈሯ «አይዞሽ» የሚለውን ከሱ ጋር አብሮ አለ።

አንድ የድምፅ መልእክት ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል። የሰኞው ቀጣይ የልጆቹ ልቅሶ ነው። ስለዚህ ጣቴን አዳፕተሩ ላይ አድርጌ ሰከንዶቹን እየቆጠርኩ ጠበቅሁ፤ ሁለት ሲቀረው ነቀልኩት። ድምፁ ቆመ። እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

«እንደገና» አለችኝ።

መልሼ ሰካሁት። ሻማ እስክትለኩስ ድረስ ሰባት ጊዜ ሰካሁ፣ ሰባት ጊዜ ነቀልኩ።